አንድ ጠርሙስ ወይስ ሁለት ግማሾች?

የመጠጥ አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ሱፐርማርኬት ሲገባ በቀጥታ የሚያመራው ወደ መደርደሪያው ነው። ድርጅቱ ከእሱ የሚፈልገው መረጃ ቀላል ይመስላል። የእኛ ጠርሙስ በመደርደሪያው ፊት ስንት ቦታ ይዟል? የተፎካካሪውስ? የትኛው ዓይነት አልቋል? ከሥር የተለጠፈው ዋጋ ከላይ ከቆመው ዕቃ ጋር ይገጥማል? ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ የሚሠራው በእጅ ነበር፤ ሠራተኛው ቅጹን ይዞ ይቆጥራል፣ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። አሁን በብዙ አገሮች ቅጹ በስልክ ፎቶ እየተተካ ነው። ሠራተኛው መደርደሪያውን ያነሣል፤ ፎቶው ወደ ኮምፒዩተር ይላካል፤ ኮምፒዩተሩም በፎቶው ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ነጥሎ፣ ምን እንደሆነ ለይቶ፣ ቆጥሮ ይመልሳል።

ይህን የሚሰማ ሰው ከባዱ ነገር የዕቃውን ማንነት ማወቅ እንደሆነ ይገምታል። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ አንዱ ዕቃ የት ላይ አልቆ ሌላው የት ላይ እንደሚጀምር በመለየቱ ላይ።

ኮምፒዩተር በፎቶ ውስጥ ነገሮችን እንዲለይ የሚሠለጥነው ሰዎች ቀድመው ምልክት ባደረጉባቸው በርካታ ፎቶዎች ነው። ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲጠቀሙበት በቆዩት ኮኮ በተባለው ዝነኛ የፎቶ ስብስብ ውስጥ አንድ ፎቶ በአማካይ ሰባት ገደማ ነገሮችን ይይዛል። ሰው፣ ውሻ፣ ወንበር፣ መኪና የመሳሰሉት ናቸው። አንዱ ከሌላው ይለያል፤ በመካከላቸውም አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ቦታ አለ። የሱቅ መደርደሪያ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ተመሳሳይ ጠርሙሶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንዳንዴ ከጸጉር የቀጠነ መስመር ነው።

በ2019 ኤራን ጎልድማንና ባልደረቦቹ፣ ከእስራኤሉ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲና መደርደሪያ በፎቶ ማንበብን ሥራዬ ብሎ ከያዘው ትራክስ ኩባንያ ጋር በመሆን፣ ይህን ችግር ነጥሎ የሚያሳይ የፎቶ ስብስብ አወጡ። ኤስኬዩ-110ኬ ይባላል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከምሥራቅ እስያ ሱፐርማርኬቶች የተሰበሰቡ 11,762 ፎቶዎች አሉት። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በአማካይ 147 ገደማ ዕቃዎች ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያም ሰው በእጁ ሳጥን አስምሮበታል። ሳጥኖቹ ሲደመሩ ከ1.7 ሚሊዮን ይበልጣሉ። የሚገርመው በእነዚህ ሳጥኖች ላይ የዕቃው ስም አለመጻፉ ነው። ሳሙና ይሁን ወተት፣ ሁሉም «ዕቃ» ብቻ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ እዚህ ጋ አንድ ሙሉ ዕቃ አለ ወይስ የለም?

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚከብድ በሁለት ጠርሙስ ብቻ ማየት ይቻላል። ሁለት እኩል ስፋት ያላቸው የብርቱካን መጠጥ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ሞዴሉ በፎቶው ላይ እጅግ ብዙ ሳጥኖችን ይሞክርና ለእያንዳንዱ «እዚህ ውስጥ ዕቃ አለ» የሚልበትን የእርግጠኝነት ነጥብ ይሰጣል። የግራውን ጠርሙስ በትክክል የከበበው ሳጥን 0.92 አገኘ። የቀኙን በትክክል የከበበው 0.90 አገኘ። ከሁለቱ መሐል ደግሞ ሌላ ሳጥን አለ፤ የግራውን ጠርሙስ ቀኝ ግማሽና የቀኙን ጠርሙስ ግራ ግማሽ የያዘ ነው። ስፋቱም ቁመቱም የአንድ ጠርሙስ ያህል ነው። በውስጡ ያለው ብርቱካናማ ቀለም፣ ክዳንና ጽሑፍ ሁሉ የእውነተኛ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ «ዕቃ አለ» ይልና 0.94 ይሰጠዋል። ከሦስቱ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘው ሐሰተኛው ሳጥን ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ትርፍ ሳጥን ለማጽዳት የተለመደ ዘዴ አለ። ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሳጥን ይያዛል፤ ከእሱ ጋር በጣም የተደራረበ ሌላ ሳጥን ይጣላል። መደራረቡ የሚለካው ሁለቱ ሳጥኖች የሚጋሩትን ስፋት፣ ሁለቱ በአንድነት ለሸፈኑት ስፋት በማካፈል ነው። በሰፊው የሚሠራበት ወሰን 0.5 ነው። በእኛ ምሳሌ የመሐሉ ሳጥን ከግራው ጋር የሚጋራው የአንድ ጠርሙስ ግማሽ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት የሚሸፍኑት ደግሞ አንድ ተኩል ጠርሙስ ነው። ግማሽ ለአንድ ተኩል ሲካፈል 0.33 ይሆናል። ከ0.5 ያንሳልና ማንም አይጣልም። ሦስቱም ሳጥኖች ይቀሩና ሁለቱ ጠርሙሶች ሦስት ተብለው ይቆጠራሉ።

ወሰኑን ዝቅ እናድርገው ይል ይሆናል አንባቢ። 0.3 ይሁን። አሁን ደግሞ የባሰ ይመጣል። ከፍተኛው ነጥብ የመሐሉ ስለሆነ እሱ ይያዛል፤ የግራውም የቀኙም ከእሱ ጋር ያላቸው መደራረብ 0.33 ስለሆነ ሁለቱም ይጣላሉ። ሁለት ጠርሙስ በነበረበት ቦታ አንድ ብቻ ይቀራል፤ እሱም ሁለት ግማሾች የተሰፉበት ነው። ወሰኑን ዝቅም ከፍም ማድረግ ችግሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውረዋል እንጂ አይፈታውም፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ያለው ማጽጃው ላይ ሳይሆን ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። «ዕቃ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መደርደሪያ ላይ መልሱ የትም ቦታ «አዎ» ነው።

የጎልድማን ቡድን መፍትሔ የጀመረውም ጥያቄውን ከመለወጥ ነው። ሞዴሉ ከተለመደው ነጥብ በተጨማሪ ሌላ ነጥብ እንዲሰጥ አደረጉት፤ ይህ ሳጥን ከአንድ እውነተኛ ዕቃ ጠርዝ ጋር ምን ያህል ይገጥማል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞዴሉ ቀለምና ጽሑፍ ማየቱ አይበቃውም። የጠርሙሱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ መዋሉን ማየት አለበት። በመሐሉ ሳጥን ውስጥ በግልጽ የሚታየው የሁለቱ ጠርሙሶች መለያ መስመር ልክ በወገቡ ላይ ያልፋል። በመጀመሪያው ጥያቄ ጊዜ ምንም ያልነበረው ይህ መስመር በሁለተኛው ጊዜ ዋና ማስረጃ ይሆናል፤ የሐሰተኛው ሳጥን ነጥብም ይወርዳል።

ሁለተኛው እርምጃቸው ማጽዳቱን የሚመለከት ነው። ሳጥኖችን ጥንድ ጥንድ እያወዳደሩ አንዱን ከመጣል ይልቅ፣ በአንድ አካባቢ የተከማቹትን ሳጥኖች በሙሉ በጋራ ይመለከታሉ። እያንዳንዱ ሳጥን በመካከሉ የደመቀ፣ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ የነጥብ ክምር ተደርጎ ይወሰዳል፤ ክብደቱም በአዲሱ ነጥብ ይወሰናል። ከዚያ ብዙዎቹ ክምሮች በስታቲስቲክስ ስሌት ወደ ጥቂቶች ይጨመቃሉ። የቀረው እያንዳንዱ ክምር አንድ ዕቃ ነው። ትክክለኛዎቹ ሳጥኖች በዕቃው ላይ ስለሚሰባሰቡ ይጠናከራሉ፤ ከመሐል የተበተኑት ይከስማሉ።

ውጤቱን በቆጠራ መመልከት ይቀላል። ፋስተር አር-ሲ-ኤን-ኤን የተባለው በወቅቱ በሰፊው የሚታወቅ ሞዴል በእነዚህ ፎቶዎች ላይ ሲፈተን በአንድ ፎቶ በአማካይ በ107 ዕቃ ስቷል፤ ይህም መደርደሪያውን ጨርሶ አላነበበም ማለት ነው። ለተጨናነቀ ፎቶ የተሻለ የሚሠራው ሬቲናኔት በ16 ተኩል ገደማ ሳተ። የቡድኑ ዘዴ ስህተቱን ወደ 14 ተኩል ገደማ አወረደው። ለውጡ ተአምር አይደለም፤ ከመቶ አርባ ሰባት ውስጥ አሥራ አራት መሳት ዛሬም ለሽያጭ ሪፖርት ብዙ ነው። ዋናው ጥቅሙ ጉዳዩ የተለየ መለኪያና የተለየ መፈተኛ ማግኘቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሞዴሎች በዚሁ ስብስብ ላይ እየተፈተኑ ተሻሽለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቆጠራ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። አሥር ጠርሙስ ካለበት ረድፍ አንዱ ሁለቴ ተቆጥሮ ሌላው ቢዘለል ድምሩ አሥር ነው፤ ሪፖርቱ ፍጹም ይመስላል፤ ሳጥኖቹ ግን የተዛቡ ናቸው። በሥራው ላይ ያለ ሰው ይህን ለማየት ማድረግ ያለበት ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት ሳጥኖቹ የተሣሉበትን ፎቶ ከፍቶ የረድፉን መጨረሻ ማየት ነው። ሳጥኖቹ ከግራ ጀምረው ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተቱ ቀኝ ጫፍ ሲደርሱ በጠርሙሶች መሐል ከወደቁ ድምሩ ቢገጥም እንኳ ሥራው ተበላሽቷል።

የሚበላሽበት ምክንያት ደግሞ በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳጥኑ ከተሠመረ በኋላ በውስጡ ያለው ምስል ተቆርጦ ይወጣል፤ «ይህ የትኛው ዕቃ ነው?» የሚለው ጥያቄም ለዚያ ቁራጭ ብቻ ይቀርባል። ብርቱካንና ሎሚ ጎን ለጎን በቆሙበት ቦታ ግማሽ ለግማሽ የተቆረጠ ምስል ከመጣ፣ ኮምፒዩተሩ ከብርቱካንም ከሎሚም ጋር አያገናኘውም። ምናልባትም ብርቱካናማና ቢጫ የተቀላቀለበት መለያ ካለው፣ ሱቁ ጭራሽ ከማይሸጠው ሦስተኛ መጠጥ ጋር ያመሳስለዋል። ሪፖርቱ ላይ ሱቁ ውስጥ የሌለ ዕቃ ስም ሲወጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሳጥኑ ነው።

የማንነት ጥያቄው የራሱ ታሪክ አለው። በ2007 በሳን ዲዬጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግሮዚ-120 የተባለ ስብስብ ሲያዘጋጁ ዓላማቸው ዓይነ ስውራን በሱቅ ውስጥ የሚፈልጉትን ዕቃ እንዲያገኙ መርዳት ነበር። ለ120 ዕቃዎች ከኢንተርኔት የተገኙ ንጹሕ ፎቶዎችን ወሰዱ፤ እነዚያኑ ዕቃዎች ደግሞ በሱቅ ውስጥ በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ፈለጓቸው። ችግሩ ወዲያው ታየ። በንጹሑ ፎቶ ላይ ዕቃው በነጭ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሱቁ ውስጥ ግን ጥላ ወድቆበታል፣ ዞሯል፣ ግማሹ ተሸፍኗል። በ2014 ደግሞ በዙሪክ የስዊዘርላንድ ፌዴራላዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ያወጣው ስብስብ ለ3,235 ዕቃዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ፎቶ ብቻ ሰጥቶ፣ በ680 የመደርደሪያ ፎቶዎች ላይ ፈልጋቸው ይላል። የሱቅ እውነታም ይህንኑ ይመስላል፤ አምራቹ ለአንድ ዕቃ ከአንድ ሁለት ፎቶ የበለጠ አይልክም።

አንድ ፎቶ ብቻ ካለ ሞዴሉን «ይህ ኮካ ነው፣ ይህ ሚሪንዳ ነው» እያሉ በተለመደው መንገድ ማሠልጠን አያዋጣም። በየወሩም አዲስ ዕቃ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ ማሠልጠን አይቻልም። የጣሊያኑ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ጨምሮ ብዙዎች የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። ሞዴሉ ስም እንዲሰጥ አይጠየቅም፤ የሚማረው ሁለት ምስሎች ይመሳሰላሉ ወይስ አይመሳሰሉም የሚለውን ነው። እያንዳንዱ ምስል ወደ ረድፍ ቁጥሮች ይለወጣል፤ የአንድ ዕቃ ምስሎች ተቀራራቢ ቁጥሮች፣ የተለያዩ ዕቃዎች የተራራቁ ቁጥሮች እንዲኖራቸው ተደርጎ ይሠለጥናል። ከዚያ ከመደርደሪያው የተቆረጠው ምስል ቁጥሮች በማኅደር ካሉት ዕቃዎች ቁጥሮች ጋር ይነጻጸሩና የቅርቡ ይመረጣል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ፎቶውን ማኅደር ውስጥ መጨመር ይበቃል።

በዚህ አሠራር ውስጥ የምርጫው ጥራት የሚታወቀው ከአንደኛው ነጥብ ይልቅ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ካለው ርቀት ነው። የመጀመሪያው 0.81፣ ሁለተኛው 0.60 ከሆነ ማመን ይቻላል። የመጀመሪያው 0.81፣ ሁለተኛው 0.80 ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ሎተሪ እየጣለ ነው፤ ያ ሳጥን ለሰው መላክ አለበት። ሁሉም ነጥቦች ዝቅ ያሉ ከሆነም ዕቃው ማኅደር ውስጥ የለም ማለት ነውና «አላውቀውም» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ይህን መልስ የማይሰጥ ሥርዓት ሁሉንም ነገር ያወቀ ይመስላል፤ አዲስ የመጣውን የተፎካካሪ ዕቃም በአሮጌ ስም ይመዘግበዋል።

ሁለት ዕቃዎች እንዲህ የሚቀራረቡት መቼ ነው? ለዚህ መልስ ፒክሰል መቁጠር ያስፈልጋል። ሠራተኛው ስልኩን አቁሞ፣ ወርዱ 3,000 ፒክሰል በሆነ ፎቶ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ አነሣ እንበል። አንድ ሚሊሜትር 2.5 ፒክሰል ይደርሰዋል። 65 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠርሙስ 162 ፒክሰል ያህል ይሆናል፤ ይህ ለመለየት ከበቂ በላይ ነው። «ስኳር የሌለው» የሚለው ጽሑፍ ግን 3 ሚሊሜትር ቁመት ካለው 7 ወይም 8 ፒክሰል ብቻ ይደርሰዋል፤ ለንባብ በጭንቅ የሚሆን ነው። አሁን ኮምፒዩተሩ ሥራው እንዲፈጥንለት ፎቶውን ወርዱ 800 ፒክሰል እስኪሆን ቢያሳንሰው ጠርሙሱ 43 ፒክሰል ሆኖ አሁንም ይታያል፤ ጽሑፉ ግን 2 ፒክሰል ሆኖ ይጠፋል። ስኳር ያለውና የሌለው መጠጥ በዚያች መስመር ብቻ የሚለያዩ ከሆነ ከዚህ በኋላ የትኛውም ሞዴል ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሥርዓት ሳጥኖቹን በትንሹ ፎቶ ላይ ይፈልግና ምስሉን የሚቆርጠው ከመጀመሪያው ትልቅ ፎቶ ላይ ነው። ሥርዓቱ ያልታሰበበት ከሆነ ሁለቱንም በትንሹ ላይ ይሠራና ለምን ጣዕሞች እንደሚያምታታ ሳይታወቅ ይቀራል።

መጠን ደግሞ ከጽሑፍም የባሰ ነው። የግማሽ ሊትርና የአንድ ሊትር ውሃ መለያቸው፣ ቀለማቸውና ክዳናቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ከፎቶው ተቆርጠው ለንጽጽር እኩል መጠን ሲደረጉ መንታ ይሆናሉ፤ የነበራቸው ልዩነት በመቁረጡ ራሱ ጠፍቷል። መልሱን ማግኘት የሚቻለው ከሳጥኑ ውጭ ነው። በዚያው ረድፍ ያሉ ጎረቤቶቹ ስንት ፒክሰል ይረዝማሉ? የመደርደሪያው ፎቅ ከፍታ ምን ያህል ነው? ከሥሩ የተለጠፈው ዋጋ የየትኛው ነው? የዋጋ ወረቀቱ ይረዳል፤ ግን ብቻውን አይታመንም። ሥራው ከተጀመረባቸው ምክንያቶች አንዱ ዋጋው ከዕቃው ጋር ላይገጥም መቻሉ ነውና።

ይህ ቴክኖሎጂ ወደ ኢትዮጵያ ሱቆች ቢመጣ ምን ይገጥመዋል? የመጀመሪያው ምዕራፍ ስም ስለማይጠይቅ በውጭ አገር ፎቶ የሠለጠነ ሞዴል የአዲስ አበባን ሱፐርማርኬት መደርደሪያ በከፊል ያነባል። የሰፈር ሱቅ ግን ሌላ ነው። ባለሱቁ ከባንኮኒው ኋላ ነው፤ ሳሙናው ተደራርቦ ተከምሯል፤ የሻምፖ ከረጢቶች በአንድ ገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ቢስኩቱ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው። የተንጠለጠለው የከረጢት ረድፍ አንድ ዕቃ ነው ወይስ አሥራ ሁለት? ይህ ሰው ቀድሞ መወሰን ያለበት ነገር ነው፤ ምልክት የሚያደርጉት ሰዎች በአንድ ደንብ ካልተስማሙ ሞዴሉም ግራ ይጋባል። የማንነት ማኅደሩም እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ብዙ የአገራችን ማሸጊያዎች በአንድ ጎን አማርኛ፣ በሌላው ጎን እንግሊዝኛ ተጽፎባቸዋል። ማኅደሩ ውስጥ የገባው የእንግሊዝኛው ፊት ብቻ ከሆነና ባለሱቁ በአማርኛው በኩል አዙሮ ካቆመው፣ ለኮምፒዩተሩ ያ የማያውቀው ዕቃ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ቢሆንም ድካም አለበት፤ እያንዳንዱን ማሸጊያ በየጎኑ ማንሣት።

ፎቶው የማይደርስበትም አለ። መደርደሪያ ጥልቀት አለው፤ ፎቶ ግን የሚያየው የፊቱን ረድፍ ብቻ ነው። ሦስት ጠርሙስ ፊት ለፊት ቢታይ ከኋላቸው ምንም አይኑር ወይም ሃያ ይኑር ከአንድ ፎቶ አይታወቅም። ስለዚህ የሚታየው ቁጥር የክምችት ሳይሆን የፊት ቦታ ቁጥር ነው፤ ሪፖርቱም በዚህ ስም መጻፍ አለበት። ክምችቱን ለመገመት ፎቶው ከካሸሩ የሽያጭ መዝገብ ጋር ይጣመራል። ጠዋት ስድስት ፊት የነበረው ዓይነት ከሰዓት በኋላ ሁለት ፊት ከሆነ ከመጋዘን ካርቶን ይውጣ ይባላል። ፎቶው ሁልጊዜ ስድስት ፊት እያሳየ መዝገቡ ግን ለቀናት አንድም ሽያጭ ካላሳየ ደግሞ ሠራተኛው በአካል ሄዶ ያጣራል፤ ወይ ዕቃው ጊዜው አልፎበታል፣ ወይ ባርኮዱ በሌላ ዕቃ ስም እየተነበበ ነው፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲቆጥር የከረመው ሌላ ዕቃ ነው።